ስሙ ለጠፋን ሰው የሚገባ ሰላምታ

በጥቅምት ወር በአንዲት እሑድ፣ ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ጠበል ጠጥቶ ወደየቤቱ ሲበተን፣ እኛ በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ከአንድ ትልቅ ጽድ ሥር ቆመን ነበር። ከሰው መካከል ነጠላቸውን የተከናነቡ አንዲት ወይዘሮ ብቅ አሉና ፊታቸው በፈገግታ በርቶ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ወደ እኛ መጡ። «የኔታ፣ እንደምን ከረሙ? ቤተሰቡ ሁሉ ደኅና?» አሉን።

ፊታቸውን ወዲያው ዐወቅነው። ከ15 ዓመት በፊት በሰሜን ሸዋ በአንዲት ትንሽ ከተማ ስናስተምር ልጃቸው ተማሪያችን ነበረ። ቤታቸው ከወፍጮ ቤቱ በላይ እንደ ነበረ፣ በጓሯቸው ጌሾ ተክለው ይሸጡ እንደ ነበረ፣ አንድ ጊዜም በፋሲካ ሰሞን ጠርተው ጠላ እንዳጠጡን ሁሉም ትዝ አለን። ስማቸው ግን ከየት ይምጣ? የፊደል ገበታውን በልባችን ከላይ እስከ ታች ወረድንበት፤ አንድም ፊደል አልመለሰልንም።

ያን ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገውን አደረግን። ስማቸውን መርሳታችን እንዳይታወቅ፣ ቤታቸውን በደንብ እንደምናውቅ ለማሳየት ቸኮልንና «ባለቤትዎስ እንደምን ናቸው? ዛሬም ያንኑ ሥራ ይሠራሉ?» ብለን ጠየቅን። ወይዘሮዋ እጃቸውን ከእጃችን ቀስ ብለው ሳቡ። «ዐርፈዋል እኮ፣ የኔታ» አሉን። «በቀብራቸው ዕለት ዳዊት ከደገሙት አንዱ እርስዎ ነበሩ።»

አንባቢ ሆይ፣ የሚከተለው ጽሑፍ ከዚያች ሰዓት የተማርነው ነው። ያን ዕለት የበደልነው ስም በመርሳታችን አልነበረም። ስም የረሳን መሆናችንን ለመሸፈን ስንል የማናውቀውን እንደምናውቅ አድርገን በመናገራችን ነበር። ስሙ የጠፋንን ሰው በክብር ሰላም ማለት የሚቻል መሆኑን፣ የአማርኛ ቋንቋችንም ለዚሁ የሚሆን መንገድ ያለው መሆኑን ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው።

በመጀመሪያ ስም ለምን እንደሚጠፋ እንመልከት፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ኀፍረቱ ይቀንስለታልና። ሁለት ሰዎች ሲተዋወቁ እንደ ልማዳችን እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፤ ከዚያም ሁለቱም በአንድ ጊዜ ስማቸውን ይናገራሉ። እያንዳንዱ የራሱን ስም ለመናገር ሲዘጋጅ ጆሮው ለሌላው የተከፈተ አይደለም። በ1973 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ማልኮልም ብሬነር የተባለ ተመራማሪ ይህን የመሰለ ነገር በፈተና አሳይቷል። ሰዎች ተራ በተራ ቃል እንዲያነቡ ባደረገ ጊዜ፣ እያንዳንዱ ሰው ክፉኛ የዘነጋው የእርሱ ተራ ከመድረሱ በፊት ወዲያው የተነበበውን ቃል ነበር። እንግዲህ ብዙውን ጊዜ «ረሳሁት» የምንለውን ስም ከመነሻው አልሰማነውም ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከስም ጠባይ የሚመጣ ነው። በ1987 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በእንግሊዝ አገር በተደረገ ጥናት ለሰዎች የማያውቋቸው ሰዎች መልክ ታየና፣ የእያንዳንዱ ስምና ሥራ ተነገራቸው። በእንግሊዝኛ ዳቦ ጋጋሪ የሚለው ቃል የሥራ መጠሪያም የሰው ስምም ሆኖ ያገለግላል። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ሥራ ሆኖ ሲነገር ይታወሳል፤ ስም ሆኖ ሲነገር ግን ይጠፋል። ጋጋሪ የተባለው ሰው ከእሳቱ፣ ከሊጡና ከዱቄቱ ጋር በልብ ውስጥ ይቀመጣል፤ ስም ግን የሚይዘው ነገር የለውም። የእኛም አገር ስሞች ትርጉም ያላቸው ቢሆኑም ያው ናቸው። ደስታ የሚባል ሰው ኀዘንተኛ ሊሆን ይችላልና ስሙ ስለ ሰውዬው አንዳች አይነግረንም። ስለዚህ የወይዘሮዋን ጌሾና ወፍጮ ቤት አስታውሰን ስማቸውን ማጣታችን እንግዳ ነገር አልነበረም። ሰውን መርሳት ሌላ ነው፤ ስሙን መርሳት ሌላ ነው።

አሁን ወደ ሰላምታው እንመለስ። አማርኛ ስም ሳይጠራ ሙሉ ሰላምታ ለመስጠት የሚያስችል ቋንቋ ነው። በግሡ ውስጥ ወንድና ሴት፣ አንድና ብዙ፣ አክብሮትና ቅርበት ሁሉ ይነገራሉ። ከዚህም በላይ ከተለያየን ምን ያህል ጊዜ እንደ ሆነ ይነገርበታል። ትናንት ያየነውን ሰው «እንደምን አደሩ» እንለዋለን፤ ጠዋት ያየነውን ማታ «እንደምን ዋሉ»፤ ሳምንትና ሁለት ሳምንት የተለየንን «እንደምን ሰነበቱ»፤ ክረምት አልፎ የምናገኘውን ወይም ከብዙ ጊዜ በኋላ የመጣውን «እንደምን ከረሙ»። እንግዲህ ለረጅም ጊዜ ያላየነውን ሰው «እንደምን ከረሙ» ስንለው፣ ስሙን ሳንጠራ «ከተለያየን ብዙ ጊዜ እንደ ሆነ ዐውቃለሁ» ማለታችን ነው። ባለፈው እሑድ አብሮን የነበረውን ሰው «ከረሙ» ብንለው ግን እንዳላስታወስነው ወዲያው ይገባዋል። ስለዚህ ቃሉን ከመናገር በፊት ለአንድ አፍታ «ይህን ሰው መቼ አየሁት?» ብሎ ራስን መጠየቅ ያስፈልጋል። መልሱ ከጠፋ «እንደምን ሰነበቱ» ይሻላል፤ ለጥቂት ቀንም ለብዙ ጊዜም ሳይጎረብጥ ይሄዳልና።

አንተን፣ አንቺንና እርስዎን መምረጥ ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ ሰው «ካልተረጋገጠ እርስዎ ማለት ነው» ይላል፤ ለማናውቀው ሰው ይህ እውነት ነው። ዳሩ ግን ቀድሞ አንተ እየተባባሉ ያደጉትን ወይም አብረው የተማሩትን ሰው እርስዎ ቢሉት አክብሮቱን እንደ መራቅ ይቆጥረዋል። «አንቱታው ከየት መጣ? ረሳኸኝ እንዴ?» ይላል፤ ትክክልም ነው። ለዚህ የሚበጀው ሌላው ሰው አስቀድሞ እንዲናገር መተው ነው። ከእርስዎ ጋር በዕድሜ የሚተካከለው ሰው «እንዴት ነህ» ብሎ ከጀመረ የቀድሞው ቅርበት ምን ዓይነት እንደ ነበረ ነግሮናልና፣ በዚያው መመለስ ነው። ታላቅ ሰው አንተ ቢለን ግን እርሱ ለታናሽነታችን ስለ ሆነ እኛ መልሰን አንተ አንለውም። ሰውዬው ከሚስቱ ወይም ከልጆቹ ጋር ከሆነ ደግሞ «እንደምን ሰነበታችሁ» ማለት ሁሉንም በአንድነት ይይዛልና ከምርጫው ሁሉ ያሳርፋል።

ስም በሚገባበት ቦታ የምንተካቸው መጠሪያዎችም አሉን። ለካህን ስም አያስፈልግም፤ «አባቴ፣ ይፍቱኝ» ብሎ መስቀል መሳለም ከሁሉ የሚበልጥ ሰላምታ ነው። መሪጌታንም በማዕረጋቸው፣ የተማርንባቸውን መምህር የኔታ ብንላቸው ሙሉ አጠራር ነው። ለሌላው ሰው ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ጋሼ፣ እትዬ የሚሉት አሉ። እማማና አባባ የሚሉትን ግን በጥንቃቄ መናገር ይገባል። የ40 ዓመት ሴት እማማ ስትባል ስሟ ከመረሳቱ ይልቅ ይህ ይከፋታል። አቶ እና ወይዘሮ ደግሞ ያለ ስም አይቆሙም። «አቶ…» ብሎ ጀምሮ የቆመ ሰው ስሙ እንደ ጠፋው በገዛ አፉ አስታወቀ ማለት ነውና በእነዚህ አለመጀመር ነው። በበዓል ቀን ከሆነ ሁሉም ይቀላል፤ «እንኳን አደረሰዎ» ሲባል «እንኳን አብሮ አደረሰን» ይመለሳል፤ ስም የሚጠይቅም የለም።

ከሰላምታው ቀጥሎ ያለው ጨዋታ እኛ የተሰናከልንበት ስፍራ ነው። በአገራችን ሰላምታ ባጭሩ አያልቅምና ስለ ቤተሰቡ መጠየቅ ግድ ነው። ነገር ግን አጠያየቁ ሁለት ዓይነት ነው። «ቤተሰቡ ሁሉ ደኅና?» የሚለው ሰፊ ጥያቄ ነው፤ የተጠየቀው ሰው የወደደውን ያነሣል፤ ኀዘን ቢኖርበትም በገዛ ቃሉ ይናገራል ወይም ዝም ይላል። «ባለቤትዎ እንደምን ናቸው?» «ልጅዎ ሥራ ያዘ?» «እናትዎ ተሻላቸው?» የሚሉት ግን ጠባብ ጥያቄዎች ናቸው። ጠባብ ጥያቄ ደስ የሚያሰኘው በእርግጥ ለሚያውቅ ሰው ነው። ስሙ የጠፋን ሰው ደግሞ ሌላም ነገሩ ሊጠፋን ስለሚችል፣ ወይም ካልተገናኘን ወዲህ ብዙ ነገር ሊለወጥ ስለሚችል፣ በእርግጥ የምናስታውሰውን ብቻ ማንሣት ይገባናል። ለዚያች ወይዘሮ «በፋሲካ ያጠጡኝ ጠላ እስከ ዛሬ አልተረሳኝም» ብንላቸው ኖሮ እውነት በሆነ ነበር፤ እርሳቸውም ደስ ባላቸው ነበር። ሰውዬው ከል ለብሶ ከመጣ ደግሞ ሰላምታው ዝግ ያለ፣ ጥያቄውም አጭር ይሁን፤ የሞተው ማን እንደ ሆነ ሳያውቁ «እግዚአብሔር ያጽናዎ» ማለት በቂ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለ ስም መሄድ ይቻላል። በደጅ ላይ ተገናኝቶ ለሚለያይ ሰው ከዚህ የሚበልጥ አያስፈልግም። ስም የግድ የሚሆንበት ጊዜ ግን አለ፤ ሦስተኛ ሰው ሲመጣ፣ የስልክ ቁጥር ሲጻፍ፣ ወይም ቁጭ ብሎ ረጅም ጨዋታ ሲጀመር።

ሦስተኛ ሰው ሲመጣ የአገራችን ልማድ ይረዳናል። በሌላ አገር አስተዋዋቂው የሁለቱንም ስም ጠርቶ ማገናኘት አለበት ይባላል። በእኛ ዘንድ ግን «ተዋወቁ» ማለት ይበቃል፤ ስማቸውን የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው። ነገሩ እንዲህ ይሁን። በአንድ የጽዋ ማኅበር ከቀድሞ የሥራ ባልደረባዎ ጋር ቆመዋል፤ ስሙ ጠፍቶብዎታል፤ ባለቤትዎ ከዳቦው ቆራሾች ዘንድ ተነሥታ ወደ እናንተ ትመጣለች። ገና ሁለት እርምጃ ሲቀራት «ባለቤቴ ናት፤ ከዚህ ወንድሜ ጋር ድሮ አብረን ሠርተናል፤ ተዋወቁ» ይበሉና ዝም ይበሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዝምታው አስጨንቆት ሌላ ወሬ ይጨምርና ስሙ ሲነገር በራሱ ድምፅ ይሸፍነዋል። ዝም ይበሉ፤ የባለቤትዎን ስም ያውቁታልና ጆሮዎን ወደ ሰውዬው ብቻ ያዘንብሉ። ሁለቱ በአንድነት ተናግረው ስሙ ካልተሰማም ባለቤትዎ «ይቅርታ፣ ስምዎን አልሰማሁትም» ብትል ነውር የለበትም፤ እርሷ በእርግጥ እንግዳ ናትና።

ለዚህም በቤት ውስጥ አስቀድሞ መስማማት ይጠቅማል። በእኛ ቤት የተስማማነው እንዲህ ነው። ከሁለታችን አንዳችን ከሰው ጋር ቆሞ ሌላው ሲመጣ ካላስተዋወቀ፣ የመጣው ሰው ሳይጠብቅ እጁን ይዘረጋና ስሙን ይናገራል። ስም የጠፋበት የትዳር ጓደኛ እንዲህ ባለው ሰዓት መረዳት አለበት እንጂ በጥቅሻ መጠየቅ የለበትም፤ ጥቅሻውን እንግዳው ያየዋል።

ስልክን በተመለከተ አሁን ቁጥር መለዋወጥ የተለመደ ስለ ሆነ አንዳንዱ «በምን ስም ልመዝግበው?» ይላል። ይህ አንዳንድ ጊዜ ይሠራል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን «በስሜ ነዋ!» የሚል መልስ ያመጣል። ከዚህ የሚሻለው ስልኩን ለባለቤቱ አቀብሎ «ፊደሉን እንዳልስት እርስዎ ይጻፉልኝ» ማለት ነው። የኃይለ ወይም የጸጋ ፊደል በየሰዉ አጻጻፍ ስለሚለያይ ጥያቄው ትርጉም አለው።

ሁሉም የሚያውቃት አንዲት ብልጠት ደግሞ አለች። «ስምዎ ማን ነበር?» ይባላል። ሰውዬው ቅር ብሎት «እገሌ ነኝ እንጂ!» ሲል «እርሱንማ ዐውቃለሁ፤ የአባትዎን ስም ማለቴ ነው» ይባላል። የአባት ስም ከስማችን ቀጥሎ ስለሚነገር ብልጠቷ ለእኛ አገር የተሠራች ትመስላለች። እኛ ግን ሁለት ነገር እናይባታለን። አንደኛ፣ ሰው ሁሉ ስለሚያውቃት የምትሸፍነው ነገር የለም። ሁለተኛ፣ ውሸት ናት፤ ውሸቱም ያለ ጥቅም ነው፤ ምክንያቱም ሰውዬው ቅር የተሰኘው ገና በመጀመሪያው ጥያቄ ነውና። እንዲሁም የክርስትና ስም በመጠየቅ ዙሮ መግባት ተገቢ አይደለም። የክርስትና ስም የሚጠየቀው ለጸሎት ነው፤ ብዙ ሰውም በዚያ ስም በጎረቤቶቹ ዘንድ አይታወቅም። ለመጸለይ ሳናስብ ጠይቀን «ገብረ ሥላሴ» የተባለልንን ስም በገበያ መካከል ብንጠራው፣ ሰውዬውም ዞር ላይል ይችላል፤ የሰጠንንም አደራ አላከበርንም።

ስለዚህ ረጅም ጨዋታ የሚጀመር ከሆነ በግልጥ መጠየቅ ይሻላል፤ መጠየቁም ቶሎ ይሁን። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ደቂቃዎች የተጠየቀ ስም ቀላል ነው። አንድ ሰዓት ከተቀመጡ፣ ምግብ አብረው ከበሉ፣ የልብን ከተጨዋወቱ በኋላ ግን ሰውዬው «ይህን ሁሉ ስነግረው ማን መሆኔን አያውቅም ነበር ማለት ነው» ብሎ ያስባል። አጠያየቁም ሦስት ነገር ይኑርበት፤ የምናስታውሰውን እውነት ማስቀደም፣ ጥፋቱን በራስ ላይ ማድረግ፣ ከዚያም መጠየቅ። «ቤትዎ ከወፍጮ ቤቱ በላይ እንደ ነበረ አልረሳሁም፤ የእኔ ነገር ሆኖ ግን ስምዎ ከአፌ ጠፋ፤ ይቅር ይበሉኝና ያስታውሱኝ።» ከሁሉ በፊት ወፍጮ ቤቱን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የተረሳ ሰው የሚፈራው ስሙ መረሳቱን ሳይሆን ራሱ መረሳቱን ነውና፣ አስቀድመን ሰውነቱ እንዳልጠፋን እናሳየዋለን። «ስንቱን ሰው ላስታውስ፣ ተማሪዬ ብዙ ነው» እያልን ምክንያት ብናበዛ ግን ከብዙዎች አንዱ እንደ ሆነ እየነገርነው ነው፤ ከዚህ መጠንቀቅ ይገባል።

ስሙ ከተነገረን በኋላ እንደገና እንዳይጠፋ ማድረግ የእኛ ሥራ ነው። በዚያው ንግግር አንድ ጊዜ፣ ስንሰናበትም አንድ ጊዜ ስሙን እንጥራው። ከዚያም በመንገድ ላይ፣ ማታ ከመተኛታችን በፊት፣ ከሁለት ቀን በኋላ፣ በሚቀጥለው እሑድም ሳናይ ለማስታወስ እንሞክር። በ1978 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ላንዳወርና ብዮርክ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች የሰዎችን ስም በማስጠናት እንዳሳዩት፣ የማስታወሻውን ጊዜ እያራራቁ ራስን መጠየቅ ስሙን ያጸናዋል። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ የትናንቱን ሳይከልስ አዲስ አለመጀመሩ ከዚህ የራቀ አይደለም።

በሌላ ወገን የቆመው፣ ማለት ስሙ የተረሳበት ሰው ደግሞ ድርሻ አለው። በአገራችን «እስቲ ማን ነኝ? ዐወቅኸኝ?» ብሎ መፈተን የተለመደ ነው። ፈታኙ በፍቅር ያደርገዋል፤ ተፈታኙ ግን በሰው ፊት ይጨነቃል፤ ይልቁንም በዕድሜ የገፉ ከሆኑ የአእምሯቸው መድከም ተገለጠ ብለው ያዝናሉ። ለአረጋውያን ሰላምታ ስንሰጥ በቅድሚያ ስማችንን መናገር ይገባል፤ «እገሌ ነኝ፤ የእገሊት ልጅ፤ ከላይኛው ሰፈር» ማለት አንድ እስትንፋስ አይፈጅም። ልጆቻችንንም ይህንኑ እናስተምራቸው። አያታቸው ዘንድ ሲገቡ «እማማ፣ ማን ነኝ?» እያሉ ከሚፈትኗቸው ስማቸውን ተናግረው ጉልበት ቢስሙ ይሻላል።

አሁን ወደ ወይዘሮዋ እንመለስ። ያን ዕለት «ነፍስ ይማር» ብለን አንገታችንን ደፋን። ቀጥለንም እውነቱን ነገርናቸው፤ ስማቸው ጠፍቶብን ስለ ነበረ ለመሸፈን ስንል የማይገባ ጥያቄ እንደ ጠየቅናቸው ገለጥንላቸው። ጥቂት ዝም አሉ። «ስሜንስ ልጆቼም አይጠሩት፤ ምንም አይደል። የርሳቸውን መሞት የረሱብኝ መስሎኝ ነው ልቤ የደነገጠ» አሉን። ስማቸውንም ነገሩን። ከላይ እንደ ጻፍነው በመንገድ፣ በማታ፣ በማግሥቱም ደጋገምነው።

በጥር ወር፣ በጥምቀት ዕለት፣ ታቦቱ ሲመለስ ከሕዝቡ መካከል እንደገና ተገናኘን። በዚህ ጊዜ ስማቸውን ሳንሳሳት ጠርተን «እንኳን አደረሰዎ» አልናቸው። «እንኳን አብሮ አደረሰን፣ የኔታ!» አሉና አብራቸው ወደ ነበረች አንዲት ወጣት ዞር አሉ። «ምራቴ ናት፤ እኒህ ደግሞ ልጄን ያስተማሩት የኔታ ናቸው፤ ተዋወቁ» ብለው ዝም አሉ። ወጣቷም እጇን ዘርግታ ስሟን ተናገረች፤ እኛም ስማችንን ተናገርን። ወይዘሮዋ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡ ነበር።

ያን ጊዜ ነው የገባን። በጥቅምትም፣ ከ15 ዓመት በፊት በዚያች ከተማም፣ እኒህ ሴት ከየኔታ በቀር በሌላ ስም ጠርተውን አያውቁም። እኛም እስከዚያች ቀን ድረስ ስማችንን አያውቁት ይሆን ብለን አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠራጠርንም ነበር።